ቸርኬው ገባ ማለት ገጠመ ማለት አይደለም

ሶማሌ ተራ ገብቶ ቸርኬ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ «ስንት ቀዳዳ ነው?» የሚል ነው። ቀጥሎ «ስንት ኢንች?» ይባላል። ገዢው ሁለቱን ከመለሰ ሻጩ ከመደርደሪያው ላይ የሚያብረቀርቁ አራት ቸርኬዎች አውርዶ ያሳያል፣ በዋጋ ይከራከራሉ፣ ጎሚስታ ቤት ይገባል፣ ዳዶው ይጠብቃል። መኪናው አምሮበት ይወጣል። ከሳምንት በኋላ ግን መሪው በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይንቀጠቀጣል፣ ኋላ ሰው ሲጫን ጎማው ፓራፋንጎውን ይልጣል፣ ወይም መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ከውስጥ አንድ ነገር ይፋተጋል። ባለቤቱ ባላንስ ያሠራል፣ አላይመንት ያሠራል፤ ችግሩ ግን አይለቅም። ቸርኬው ሲገዛ መጠየቅ የነበረባቸው ነገሮች ስላልተጠየቁ ነው።

የቀዳዳው ብዛትና የኢንቹ መጠን ቸርኬው መኪናው ላይ መውጣት መቻሉን እንኳ በእርግጠኝነት አይናገሩም። ለዚያ የሚያስፈልጉት ሦስት ልኮች ናቸው። አንዱ የብሎን ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት ነው። ሌላው ኦፍሴት የሚባለው፣ ቸርኬው ከመኪናው አካል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚቀመጥ የሚወስነው ልክ ነው። ሦስተኛው በቸርኬው መሀል ያለው ትልቅ ቀዳዳ ስፋት ነው። ይህኛውን በገበያው ላይ የሚጠይቅ እምብዛም የለም፤ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው መንቀጥቀጥ ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከእሱ ነው።

ነገሩን በአንድ መኪና ይዘን እንሂድ። በፈረንጆች 2000ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ዘጠነኛው ትውልድ ቶዮታ ኮሮላ በመንገዳችን ላይ በብዛት ይታያል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ኮሮላ ይዞት የሚመጣው ቸርኬ ከጀርባው ወይም ከእጁ ላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ አለው፦

```
15×6J  ET45
```

የመጀመሪያው ቁጥር የቸርኬው ቁመት በኢንች ነው፣ ማለትም ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ስፋት። ሁለተኛው ከአንዱ የጎማ መቀመጫ ከንፈር እስከ ሌላው ያለው ስፋት ነው፤ እሱም በኢንች ነው። ጄ የምትለዋ ፊደል የከንፈሩን ቅርጽ ስለምታመለክት ለእኛ አታስፈልግም። ኢቲ 45 የሚለው ደግሞ ኦፍሴቱ ነው፤ የሚለካውም በሚሊሜትር ነው። የዚህ ኮሮላ ቀዳዳዎች 4 ሲሆኑ የተደረደሩት ስፋቱ 100 ሚሊሜትር በሆነ ክብ ላይ ነው፤ ይህ «4 በ100» ተብሎ ይጠራል። የመሀል ቀዳዳው 54.1 ሚሊሜትር ነው።

ከብሎኑ እንጀምር። «የኮሮላ ቸርኬ» ብሎ መጠየቅ ሰውን የሚያስተው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ዘመን ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ኮሮላ ከውጭ ሲታይ የዚያኛው ወንድም ነው፤ ቀዳዳው ግን 5 ነው፤ ልኩም 5 በ100 ነው። ቀጥሎ በመጣው ትውልድ ደግሞ የአሜሪካው በ5 በ100 ሲቀጥል፣ የአውሮፓው ወደ 5 በ114.3 ተቀየረ፤ የመሀል ቀዳዳውም ወደ 60.1 ሰፋ። ስለዚህ ሁለት ሰዎች «ባለ አምስት ቀዳዳ ኮሮላ አለን» ቢሉ ቸርኬ መዋዋስ ይችላሉ ማለት አይደለም። ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን መኪናው የተሠራበትን ገበያ ማወቅ ይገባል። ይህን የሚያውቅ ከሌለ ደግሞ መለካት ነው።

ባለ አራት ቀዳዳ ቸርኬ ለመለካት ቀላል ነው። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቀዳዳዎች ይመረጡና ከአንዱ ቀዳዳ የውስጥ ጠርዝ እስከ ሌላው ቀዳዳ የውጭ ጠርዝ ይለካል። እንዲህ ሲለካ የቀዳዳዎቹ ስፋት ራሱ ይጣፋል፤ የሚቀረው ከመሀል እስከ መሀል ያለው ርቀት ነው። ባለ አምስት ቀዳዳ ላይ ግን ፊት ለፊት የሚተያይ ስለሌለ፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቀዳዳዎች ከመሀል እስከ መሀል ተለክተው ውጤቱ ለ0.588 ይካፈላል። 58.8 ሚሊሜትር ከመጣ 100 ነው። 67.2 ከመጣ 114.3 ነው። 65.8 ከመጣ ደግሞ ፎልክስዋገንና መርሴዲስ በብዛት የሚጠቀሙበት 112 ነው።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች ልብ ይበሉ። በ112ና በ114.3 መካከል ጎን ለጎን ሲለካ ያለው ልዩነት ከአንድ ሚሊሜትር ተኩል ያነሰ ነው። በጨርቅ ሜትር ይህን መለየት አይቻልም፤ ካሊፐር ያስፈልጋል። አደጋውም ያለው እዚሁ ነው። 5 በ112 የሆነ ቸርኬ 5 በ114.3 በሆነ መኪና ላይ በግድ ሊገባ ይችላል። እያንዳንዱ ብሎን ከቀዳዳው መሀል በ1.15 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚያልፍ፣ ጎሚስታው በቁልፉ ሲጫነው ዳዶው እየተንጋደደ ይጠብቃል። የጠበቀ ይመስላል፤ ግን ሾጣጣው የዳዶ አፍ በቀዳዳው ዙሪያ ሁሉ ሳይሆን በአንድ ጎን ብቻ ነው የተቀመጠው። ብሎኑ ባለማቋረጥ ወደ ጎን እየተገፋ ይሠራል። አሉሚኒየሙ በተነካበት ጎን ይበላል፣ ዳዶው ይላላል፣ ብሎኑም በድካም ይሰበራል። በአራት ቀዳዳም የዚህ ዓይነት ወጥመድ አለ፤ የፊያት ልክ 4 በ98 ነው፣ ከ100 የሚለየውም በሁለት ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ትክክለኛ ቸርኬን በእጅ ማወቅ ይቻላል። ቸርኬው ሀቡ ላይ ሲቀመጥ ሁሉም ዳዶዎች ያለ ቁልፍ፣ በጣት ብቻ፣ እስከ መቀመጫቸው ድረስ መግባት አለባቸው። ሦስቱ በጣት ገብተው አራተኛው ቁልፍ ከጠየቀ፣ ክሩ ካልተበላሸ በስተቀር ልኩ የዚያ መኪና አይደለም። እዚያው ማቆም ነው።

አንዳንድ ቸርኬ ስምንት ቀዳዳ ይዞ ይመጣል። ይህ ለሁለት ልክ፣ ብዙ ጊዜ ለ4 በ100 እና ለ4 በ114.3፣ የተበሳ ነው፤ አራቱ ብቻ ናቸው የሚያገለግሉት። ጥፋት የለበትም፤ ሲገጠም ግን የትኞቹ አራቱ እንደሆኑ አይቶ መጀመር ይገባል።

አሁን ወደ ኦፍሴት። ቸርኬውን ከላይ እስከ ታች በመጋዝ ለሁለት የሰነጠቅነው ይመስል በጎን እንየው። ከውስጥ ከንፈር እስከ ውጭ ከንፈር ያለውን ስፋት እኩል ለሁለት የሚከፍል አንድ መስመር እናስምር። ቸርኬው ከሀቡ ጋር የሚጋጠምበት ፊት ከዚህ መስመር ምን ያህል እንደራቀ የሚናገረው ቁጥር ኦፍሴት ይባላል። ፊቱ መስመሩ ላይ ካረፈ ኦፍሴቱ ዜሮ ነው። ፊቱ ከመስመሩ ወደ መንገዱ በኩል ከወጣ ፖዘቲቭ ነው። ወደ መኪናው ሆድ በኩል ከገባ ደግሞ ኔጋቲቭ ነው። የዛሬ አብዛኞቹ የቤት መኪኖች ፖዘቲቭ ናቸው፤ የኮሮላው 45 ማለት ፊቱ ከመሀል መስመሩ 45 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ነው ማለት ነው።

ሰው እዚህ ላይ ግራ የሚጋባው አቅጣጫው የተገለበጠ ስለሚመስለው ነው። የሚጋጠመው ፊት ወደ ውጭ በወጣ መጠን ቸርኬው በሙሉ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ምክንያቱም ሀቡ ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ የኢቲው ቁጥር ሲያድግ ጎማው ወደ መኪናው ሆድ ይጠጋል። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ፓራፋንጎው ጠርዝ ይወጣል። ይህ ከተያዘ ሌላው ሂሳብ ብቻ ነው፤ ሂሳቡም ከመደመርና ከመቀነስ አያልፍም።

የኮሮላችን ባለቤት 16 በ7 የሆነ ቸርኬ አገኘ እንበል፤ ኢቲው 40 ነው። ቀዳዳው 4 በ100 ስለሆነ ሻጩ «ልክ ነው» ብሏል። መጀመሪያ የድሮውን እናስላ። 6 ኢንች 152.4 ሚሊሜትር ነው፤ ግማሹ 76.2 ነው። ቸርኬው ከሀቡ ፊት ወደ ውስጥ የሚሄደው ግማሽ ስፋቱና ኦፍሴቱ ተደምረው ነው፤ 76.2 ሲደመር 45 ይሆናል 121.2። ወደ ውጭ የሚወጣው ደግሞ ከግማሹ ላይ ኦፍሴቱ ተቀንሶ ነው፤ 31.2 ይመጣል። አዲሱ 7 ኢንች ስለሆነ ስፋቱ 177.8፣ ግማሹ 88.9 ነው። ወደ ውስጥ 88.9 ሲደመር 40፣ ማለትም 128.9። ወደ ውጭ 88.9 ሲቀነስ 40፣ ማለትም 48.9።

ልዩነቱን እንየው። አዲሱ ቸርኬ ከድሮው ይልቅ ወደ ውስጥ 7.7 ሚሊሜትር፣ ወደ ውጭ ደግሞ 17.7 ሚሊሜትር ይሄዳል። ኦፍሴቱ በ5 ብቻ ቢቀንስም ወደ ውጭ የወጣው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ ስፋቱም በሁለቱም በኩል ስለጨመረ ነው። «ኢቲው ቀረብ ያለ ነው፣ ችግር የለውም» የሚል ሰው የሚሳሳተው ስፋቱን ስለሚረሳ ነው። ኢቲና ስፋት አብረው ካልተሰሉ ኢቲ ብቻውን ምንም አይናገርም።

ያው 16 በ7 ቸርኬ ኢቲው 20 ቢሆንስ? ወደ ውስጥ 108.9 ብቻ ስለሚሄድ ከድሮው ይልቅ በ12.3 ሚሊሜትር ከውስጥ ዕቃዎች ይርቃል። ወደ ውጭ ግን 68.9 ይደርሳል፤ ይህም ከድሮው በ37.7 ሚሊሜትር፣ ወደ አራት ሴንቲ ሜትር በሚጠጋ መጠን፣ ይወጣል። እንዲህ ወጣ ያለ ጎማ የሚወዱ ብዙ ናቸው፤ ቆሞ ሲታይ መኪናው ሰፋ ብሎ የተቀመጠ ይመስላል። እኔ ግን ለዕለት ተዕለት መኪና አልመክረውም። አንደኛው ምክንያት ኩሽኔታው ነው። ፋብሪካው ሀቡንና ኩሽኔታውን የነደፈው የመኪናው ክብደት በጎማው መሀል በኩል፣ በተወሰነ ቦታ እንዲያርፍ አድርጎ ነው። ኢቲው ከ45 ወደ 20 ሲወርድ ያ ቦታ 25 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥርም ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው የማጣመም ጉልበት ይጨምራል። ኩሽኔታው በአንድ ቀን አይሞትም። ከጊዜ በኋላ ማጉረምረም ይጀምርና ባለቤቱ ምክንያቱን ሳያውቅ ይቀይረዋል። ሁለተኛው መሪው ነው። የፊት ጎማ ከመዞሪያ ምሰሶው በራቀ መጠን፣ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ወይም አንዱ ፍሬን ከሌላው ቀድሞ ሲይዝ መሪውን ከእጅ ይነጥቃል። ሦስተኛው ምክንያት የሚታይ ነው፤ ጎማው ከፓራፋንጎው ወጥቶ ጭቃና ጠጠር በበሩ ላይ ይረጫል።

በተቃራኒው ኢቲው በጣም ከፍ ያለ ቸርኬ ወደ ውስጥ ስለሚገባ የሚመታው የማይታይ ነገር ነው። በኮሮላ ዓይነት መኪና የፊት እግር ላይ ሾክ አብዞርበሩና ሞላው የሚቀመጡት ልክ ከጎማው ጀርባ ነው። የሞላው የታችኛው ሳህን ወደ ጎማው ትከሻ ይጠጋል። እዚያ ላይ የሚፋተግ ጎማ ከውጭ ምንም ምልክት አያሳይም፤ መኪናው በክሪክ ተነስቶ በባትሪ ካልታየ በስተቀር በውስጠኛው ጎኑ ዙሪያውን እየተፋቀ ይከርማል፣ አንድ ቀንም ይፈነዳል። ከሁለቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህኛው ነው።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት በነባሩ ጎማ ላይ ያለውን ክፍተት መለካት ይበጃል። መኪናው መሬት ላይ ቆሞ፣ ጎማው ቀጥ ብሎ፣ ከጎማው የውስጥ ጎን እስከ ሾክ አብዞርበሩና እስከ ሞላው ሳህን ያለው ስፍራ ይለካል። 20 ሚሊሜትር ካለና አዲሱ ቸርኬ 7.7 ከወሰደ 12 ገደማ ይቀራል፤ አዲሱ ጎማ ከድሮው ከወፈረ ከዚያም ላይ ጥቂት ይቀነሳል። ጎማ በመታጠፊያ ላይ ስለሚለመጥ የተወሰነ ትርፍ የግድ ነው፤ ጣት የማያስገባ ክፍተት ከቀረ ቸርኬውን መተው ይሻላል። ከገጠሙ በኋላ ደግሞ መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻው ማዞር፣ ከዚያም ከኋላ ሦስት ሰው ጭኖ በጎርባጣ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ መንዳት ያስፈልጋል። ባዶ መኪና ላይ ያልነካ ጎማ ለበዓል ቤተሰብና ዕቃ ተጭኖ ሲኬድ ይነካል።

ቸርኬው አሮጌ ሆኖ ወይም ተቀብቶ ጽሑፉ የማይነበብ ከሆነ ኦፍሴቱን መለካት ይቻላል። ጎማው ወልቆ ቸርኬው በፊቱ ይደፋል፤ ጀርባው ላይ ከከንፈር እስከ ከንፈር ቀጥ ያለ ዘንግ ይጋደምበታል። ከዘንጉ እስከ ሀቡ መጋጠሚያ ፊት ያለው ጥልቀት ይለካል፤ 142 ሚሊሜትር መጣ እንበል። ከዚያ የቸርኬው ጠቅላላ ስፋት፣ ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ይለካል። ይህ ስፋት በጽሑፉ ላይ ካለው የ7 ኢንች ስፋት በአንድ ኢንች ያህል ይበልጣል፤ ከንፈሮቹም ስለሚቆጠሩ ነው። 203 ሚሊሜትር ቢሆን ግማሹ 101.5 ነው። ከ142 ላይ 101.5 ሲቀነስ 40.5 ይቀራል። ያ ቸርኬ ኢቲ 40 ነው።

ጎማውንም በጥቂት ቃል እናንሳው። ባለ 15ቱ ቸርኬ የሚይዘው 195/60R15 ጎማ ጠቅላላ ቁመቱ 615 ሚሊሜትር ነው። 16 ላይ 205/50R16 ቢታሰር ቁመቱ 611 ያህል ስለሚሆን የፍጥነት መለኪያው ብዙም አይሳሳትም። የጎማው ጎን ግን ከ117 ወደ 102 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል፤ በእኛ ጉድጓዶች ላይ የቸርኬውን ከንፈር ከመታጠፍ የሚያድነው ያው ጎን ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ቁመት ያለው ቸርኬ ለከተማችን መንገድ የሚመች አይመስለኝም።

የቀረው የመሀል ቀዳዳው ነው። የኮሮላው ሀብ ከመሀሉ ወጣ ያለ ክብ አንገት አለው፤ ስፋቱ 54 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ፋብሪካው የሠራው ቸርኬ የመሀል ቀዳዳው 54.1 ስለሆነ አንገቱ ላይ ያለ ክፍተት ይቀመጣል፤ ቸርኬው ከመጀመሪያው ልክ መሀሉ ላይ ነው። ለብዙ ዓይነት መኪና ተብለው የሚሠሩ ቸርኬዎች ግን የመሀል ቀዳዳቸው ሆን ተብሎ ሰፊ ነው፤ 67.1 ወይም 73.1 የተለመደ ነው። 73.1 የሆነው በኮሮላው አንገት ላይ ሲገባ ዙሪያውን 9.5 ሚሊሜትር ባዶ ይቀራል። ቸርኬው አንገቱን አይነካውም። መሀል የሚያስይዙት ሾጣጣዎቹ ዳዶዎች ብቻ ናቸው።

ሾጣጣ ዳዶ ቸርኬን መሀል ማስያዝ ይችላል፤ ግን የሚያጠብቀው ሰው ጥንቃቄ ሲያደርግ ነው። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማው በአየር ላይ ሳለ፣ ዳዶዎቹ በመስቀል እየተፈራረቁ በትንሽ በትንሹ ቢጠብቁ ቸርኬው ራሱን ያስተካክላል። ጎሚስታው በአየር ሽጉጥ አንዱን ዳዶ መጀመሪያውኑ እስከ መጨረሻ ካጠበቀው ግን ቸርኬው ወደዚያ ጎን ተጎትቶ ይቀራል፤ ሌሎቹም ዳዶዎች እዚያው ያጸኑታል። ግማሽ ሚሊሜትር ያህል መዛባት መሪውን ለማንቀጥቀጥ ይበቃል።

ባላንስ ማሠራት የማይፈውሰው ለዚህ ነው። የባላንስ ማሽኑ ቸርኬውን የሚይዘው በመሀል ቀዳዳው በኩል፣ በሾጣጣ ቆብ አጥብቆ ነው። ማሽኑ ላይ ቸርኬው ፍጹም መሀል ላይ ስለሆነ ማሽኑ ዜሮ ያሳያል፤ ሠራተኛውም «የእኔ ሥራ ትክክል ነው» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ወደ መኪናው ሲመለስ ግን የሚይዘው ያ ቆብ የለም፤ ቸርኬው እንደገና ወደ ጎን ይቀመጣል። ባለቤቱ ሌላ ባላንስ ቤት ይሄዳል፣ እዚያም ዜሮ ይባላል። መንቀጥቀጡ በ80 እና በ110 መካከል እየመጣ፣ ቸርኬው ወልቆ በተገጠመ ቁጥር ደግሞ መጠኑ የሚቀያየር ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ መሀል ቀዳዳው መሄድ አለበት። ቸርኬው የታጠፈ ቢሆን ኖሮ መንቀጥቀጡ ከዚያው ቸርኬ ጋር ይኖር ነበር፤ ከፊት ወደ ኋላ ሲቀየር ከመሪው ወደ መቀመጫው ይሄድ ነበር።

መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት አለ። ሲገዛ ሁለት ቁጥር ይነገራል፤ የውጭው ስፋት የቸርኬው የመሀል ቀዳዳ፣ የውስጡ ስፋት የመኪናው አንገት ነው። ለዚህ ኮሮላ 73.1 በ54.1 ማለት ነው። በገበያ ከሌለ ጥሩ ቶርኖ ቤት ከአሉሚኒየም ያወጣዋል፤ ካሊፐር ይዞ ሄዶ አንገቱንም ቀዳዳውንም አስለክቶ ማሠራት ነው። በእጅ ሲገፋ ገባ የሚል፣ ሲነቃነቅ ግን የማይጫወት መሆን አለበት። የፕላስቲክ ቀለበትም ይሠራል፤ ምክንያቱም ሥራው ክብደት መሸከም ሳይሆን ቸርኬውን መሀል አስይዞ ዳዶው እስኪጠብቅ መጠበቅ ነው። ክብደቱን የሚሸከመው ዳዶው ቸርኬውን ከሀቡ ፊት ጋር አጣብቆ የሚፈጥረው ጭነት ነው። ነገር ግን እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ሀቡም አብሮ ይግላል፤ ፕላስቲኩም ይለሰልሳል። ቁልቁለት ለሚያዘወትር መኪና አሉሚኒየም ይሻላል፤ ዝገት እንዳያጣብቀው በስሱ ቅባት ይቀባል። ከሁሉ በፊት ግን የሀቡ አንገትና ፊት በሽቦ ብሩሽ ከዝገት ይጸዳል። ዝገት ያለበት ሀብ ላይ ትክክለኛ ቀለበትም አይረዳም።

የመሀል ቀዳዳው ከአንገቱ ከጠበበ ነገሩ ሌላ ነው። 54.1 የሆነ ቸርኬ 60.1 አንገት ላይ አይገባም፤ በዳዶ ኃይል አስገባዋለሁ የሚል ካለ ሊከለከል ይገባዋል። ቶርኖ ላይ ማስፋት ይቻላል፤ የሚያሰፋው ሰው ግን ቸርኬውን በማሽኑ ላይ ፍጹም መሀል አስይዞ መቁረጥ አለበት፤ የቀዳዳው መሀል ከተዛባ ያንን የሚያስተካክል ቀለበት የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሦስቱ ልኮች ሁሉ ገጥመው ዳዶው ሊያሳስት ይችላል። የቶዮታ ፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ዳዶ ይጠቀማል፤ ከገበያ የተገዛው ቸርኬ ግን ሾጣጣ አፍ ያለው ዳዶ ነው የሚፈልገው። ሮንዴላ ያለው ዳዶ በሾጣጣ ቀዳዳ ላይ ጠርዙን ብቻ ስለሚነካ ይላላል። ክሩም ይለያያል። የቶዮታ ኮሮላ ብሎን ውፍረቱ 12፣ የክሩ እርምጃ 1.5 ነው። የከተማው ታክሲዎች የሚነዱት ሱዙኪ ዲዛየር ደግሞ እንደ ኮሮላው 4 በ100 ሆኖ፣ የመሀል ቀዳዳው እንኳ 54.1 ሆኖ፣ ክሩ 1.25 ነው። ከዲዛየር ላይ የወለቀ ቸርኬ ኮሮላው ላይ በደንብ ሊቀመጥ ይችላል፤ ዳዶው ግን አብሮ ከመጣ ብሎኑን ይፈጀዋል። እዚህም ምልክቱ ያው ነው፤ በጣት የማይገባ ዳዶ በቁልፍ አይገባም። የኮሮላው ዳዶ በጣት ቢያንስ ስምንት ዙር መዞር አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ብሎኑ አጥሯል።

መኪናው ከክሪክ ሲወርድ ዳዶዎቹ በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በቶርክ ቁልፍ በ103 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፤ በአየር ሽጉጥ የመጨረሻ ማጥበቅ አይደረግም። አዲስ ቸርኬ ቀለሙ ከዳዶው ሥር ስለሚሸሽ የመጀመሪያው ጥብቀት ጥቂት ይላላል። ስለዚህ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ፣ ቸርኬው ቀዝቅዞ ሳለ፣ በዚያው ቁልፍ እንደገና ይታያል። በዚያን ጊዜ ሩብ ዙር ያህል የሚሄድ ዳዶ ካለ ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ይፈተሻል። አሁንም ከሄደ ቸርኬውን አውርዶ የዳዶውን መቀመጫ ዙሪያ መመልከት ነው፤ አሉሚኒየሙ በአንድ ጎን ብቻ አብረቅርቆ ከተገኘ የብሎኑ ልክ ወይም የዳዶው አፍ የዚያ ቸርኬ አይደለም።